ኮዱን የሚሰጣችሁ ማን ነው? በስልክ እየተነጋገሩ ኮምፒውተርን ለረዳት ስለ መልቀቅ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ሩቅ ያለ ሰው በስልክ እያናገራችሁ የእናንተን ኮምፒውተር በራሱ ማውስ ሲያንቀሳቅስ ምን ምን እንደምትፈቅዱለት ነው። ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው። ሁሉንም ከመዘርዘር አንዱን ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብንሄድበት ይሻላል። የምንይዘው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ኩዊክ አሲስትን ነው። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስ 11 ላይ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል፣ ከሌለም ከማይክሮሶፍት ስቶር ይወርዳል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላንሳ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንኩም ቴሌውም «ኮዳችሁን ለማንም አትስጡ» እያሉ አስተምረውናል። ትክክል ነው። ኩዊክ አሲስት ላይ ግን ኮዱ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ኮዱን የሚያወጣው ረዳቱ ነው፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት ደግሞ ተቀብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ አንድ አጭበርባሪ ደውሎ «ይህን ኮድ ጻፉልኝ» ሲል ሰውየው ምንም የሰጠ አይመስለውም። እንዲያውም የተሰጠው ይመስለዋል። በሩ የሚከፈተው ግን የተሰጠውን ኮድ ሲጽፍ ነው። ኤኒዴስክና ቲምቪወር በተባሉት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ቁጥሩን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ኮድ ሰጠሁ ወይስ ተቀበልኩ» ብሎ መመርመር አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት ማን ለማን እንደ ደወለ ነው። ማይክሮሶፍት ሳይጠሩት ደውሎ «ኮምፒውተራችሁ ታሟል» አይልም፤ የስህተት መልእክቶቹም ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም።

ይህ ግምት አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በግንቦት 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ፣ ስቶርም-1811 ብሎ የሰየመው ቡድን ከዚያው ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ይህንኑ ኩዊክ አሲስት መጠቀሚያ እንዳደረገው ገልጿል። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የሰውየውን የኢሜይል ሳጥን በማይረባ መልእክት ያጥለቀልቁታል። ከዚያ «ከአይቲ ክፍል ነኝ፣ ይህን የኢሜይል ጎርፍ ላስቆምልህ» ብለው ይደውላሉ። ሰውየው የምር ችግር ስላለበት ያምናል፤ መጨረሻው ብላክ ባስታ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ነበር። ችግሩን የፈጠረውም መፍትሔ ይዞ የመጣውም ያው ሰው ነው።

አሁን ወደ ትክክለኛው እርዳታ እንምጣ። እንዲህ ብለን እንሰብ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት ያላት አክስት አለች። ፕሪንተሯ ወረቀት አያወጣም፤ የኅትመት ተራው ላይ አንድ ፋይል ተጣብቆ ሰርዝ ብትለውም አይሰረዝም፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ቆመዋል። የእህቷ ልጅ ሜሪላንድ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ትደውልለታለች፤ እሱ ጋ በበጋው ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።

ደዋይዋ እሷ ናት፤ ለዚያውም ስልኳ ላይ አስቀድማ በመዘገበችው ቁጥር። ይህች ትንሽ ነገር ከማንኛውም ፀረ ቫይረስ ትበልጣለች። እሱ በቴሌግራም «እቴቴ፣ ኮምፒውተሩን ላየው፣ ይህን ኮድ አስገቢ» ብሎ ቢጽፍላት እንኳ ደውላ ድምፁን ሳትሰማ ኮዱን መንካት የለባትም፤ የቴሌግራም አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። የስልክ ንግግሩም እስከ መጨረሻው ክፍት ይቆይ። ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ማውሱም ዘግይቶ ይዘላል፤ በስልክ መስመር እየተነጋገሩ ከሆነ ግን ማን ምን እንዳደረገ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኮዱ ከመምጣቱ በፊት ስክሪኑ ይጽዳ። እዚህ ላይ ሰው ቸኩሎ ያልፋል። የኅትመት ቤት ኮምፒውተር ላይ ምን ተከፍቶ ይገኛል? የደንበኛ ፓስፖርት ስካን፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የዲቪ ፎርም። እነዚህን ለሌላ ሰው የማሳየት ፈቃድ የአክስቲቱ አይደለም፤ የደንበኞቹ ነው። ስለዚህ ይዘጉ። ዴስክቶፑ ላይ የተበተነው ፋይልም ሁሉ ለጊዜው አንድ ፎልደር ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ ቴሌግራም። በኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ክፍት ከሆነ አንድ ልብ የማይባል ቀዳዳ አለ። ስክሪናችሁን የሚያይ ሰው በራሱ ስልክ ላይ የእናንተን ስልክ ቁጥር አስገብቶ ልግባ ማለት ይችላል። ቴሌግራም የመግቢያ ኮዱን ብዙ ጊዜ በኤስኤምኤስ ሳይሆን ቀድሞ በተከፈተው ቴሌግራም ውስጥ እንደ መልእክት ይልካል። መልእክቱ በስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ ብቅ ይላል፤ ያኛው ያነበዋል፣ ገባ። የወሰደው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ማውስ እንኳ መንካት አላስፈለገውም። ማየት ብቻ በቃው። ስለዚህ ቴሌግራምን ከሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት ጭምር ሙሉ በሙሉ ዝጉት። አንድ ቀን ተረጋግታችሁ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ `Privacy and Security` ገብታችሁ `Two-Step Verification` የሚለውን አብሩት። ያን ጊዜ ኮዱን ያነበበ ሰው እናንተ የመረጣችሁትን ፓስወርድ ካላወቀ አይገባም።

አሁን ኮዱ። ልጁ በራሱ ኮምፒውተር ኩዊክ አሲስትን ይከፍትና `Help someone` የሚለውን ይጫናል። በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ያለበት እሱ ነው፤ አክስቲቱ አካውንት አያስፈልጋትም። «መጀመሪያ አካውንትሽን አስገቢ» የሚላት ካለ እዚያው ትጠራጠር። እሷ በኪቦርዷ `Ctrl` እና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛ `Q` ስትጫን ፕሮግራሙ ይከፈታል። ኮዱን በስልክ ይነግራታል፣ ትጽፋለች። ኮዱ የሚያገለግለው 10 ደቂቃ ነው። መብራት ቢሄድ ወይም ኢንተርኔቱ ቢዘገይና ጊዜው ቢያልፍ ሌላ ያወጣል፤ አሮጌውን ደጋግሞ መሞከር ጥቅም የለውም። ኮዱ ውስጥ ፊደል ካለ በስልክ «ቢ» እና «ፒ»፣ «ዲ» እና «ቲ» ይምታታሉ፤ «ቢ፣ የባንክ ቢ» እያሉ መጥራት ጊዜ ይቆጥባል።

ከኮዱ በኋላ አክስቲቱ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አደጋውን እንደተረዳች ምልክት አድርጋ `Allow` ካላለች ልጁ ምንም አያይም። `Allow` ብላም ቢሆን የፈቀደችው ማየትን ብቻ ነው። ማውሱ አሁንም የእሷ ነው።

በእኔ እምነት ብዙ እርዳታ እዚህ ላይ መቆም ይችላል። ረዳቱ ስክሪኑ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግና በብርሃን ነጥብ ማመልከት ይችላል፤ «እዚህ ጋ ተጫኚ» ሲል ነጥቡን ታያለች። ቀርፋፋ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እጇ ስለሠራው በሚቀጥለው ጊዜ ሳትደውል ትሠራዋለች። መቆጣጠር የሚያስፈልገው ሥራው ረጅም ሲሆን ወይም ትእዛዝ መጻፍ ሲኖርበት ነው። የፕሪንተሩ ጉዳይ እንደዚያ ነው።

ልጁ `Request control` ሲጫን እሷ ጋ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል። እንደገና `Allow`። አሁን ማውሱ የሁለቱም ነው፤ እሷ ማውሷን ብታንቀሳቅስ እሱም ይሰማዋል፣ ስለዚህ እጇን ታንሳ። ዓይኗን ግን አታንሳ። ሻይ ላፍላ ብላ መሄድ የለባትም። ልጁም በበኩሉ ሳይናገር ምንም አይክፈት፦ «አሁን ኮማንድ ፕሮምፕት እከፍታለሁ፣ ጥቁር መስኮት ይመጣል፣ አትደንግጪ» ይበል። ዝም ብሎ የሚሠራ ረዳት ታማኝ ቢሆን እንኳ ያየችውን እንዳትረዳ ያደርጋታል፤ ያልተረዳችውን ደግሞ ማስቆም አትችልም። ማስቆም ቢያስፈልጋት ከላይ ባለው ቀጭን አሞሌ ላይ `Leave` አለ። ካላገኘችው የኢንተርኔቱን ገመድ ትንቀል ወይም ዋይፋዩን ታጥፋ።

ችግሩ ምንድን ነው? ዊንዶውስ ወደ ፕሪንተር የሚላከውን ሁሉ በቅድሚያ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስፑለር የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ከዚያ እያነሳ ወደ ፕሪንተሩ ይልከዋል። አንድ ፋይል ከተበላሸ ስፑለሩ እሱን ይዞ ይቆማል፤ ስለያዘው ደግሞ መሰረዝ አይቻልም። መፍትሔው አገልግሎቱን ማቆም፣ ፎልደሩን ማጽዳት፣ እንደገና ማስጀመር ነው።

ልጁ ስታርት ላይ `cmd` ብሎ ይጽፍና `Run as administrator` የሚለውን ይመርጣል። ወዲያው የእሷ ስክሪን ይደበዝዛል፤ እሱ ጋ ደግሞ ምስሉ ይጠፋል ወይም ይጠቁራል። «ተቋረጠ!» ብለው ሁለቱም ስልኩ ላይ የሚጯጯሁት እዚህ ነው። አልተቋረጠም። ዊንዶውስ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ሲጠይቅ ጥያቄውን የሚያቀርበው በተለየ፣ ሌላ ፕሮግራም በማይደርስበት ስክሪን ላይ ነው። ረዳቱ እንዳያየውና እንዳይጫነው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የሚወስነው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እሷ ታንብበው፦ የፕሮግራሙ ስም `Windows Command Processor`፣ አሳታሚው ደግሞ `Microsoft Windows` ይላል። ልጁ ከነገራት ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ `Yes`። የማታውቀው ስም ወይም ያልታወቀ አሳታሚ ካለ `No` ብላ ትጠይቀው። `No` ማለት ምንም አያበላሽም። ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ከጠየቀ ራሷ በኪቦርዷ ትጻፍ፣ በስልክ አትንገረው።

አንዳንድ ረዳቶች፣ ክፉዎች ሳይሆኑ ሥራ የሚያፋጥኑ፣ ይህ ጥቁር ስክሪን ያሰለቻቸውና `User Account Control` የሚለውን መቆጣጠሪያ ዝቅ ያደርጉታል። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ወደ ቦታው መመለሱን ይረሳሉ። ያ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ የሚገባበት ቫይረስ ሁሉ ሳይጠይቅ የሚሠራበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህን ላጥፋው» ሲባል መልሱ አይሆንም ነው፤ አንድ ጊዜ `Yes` መጫን ያን ያህል አያደክምም።

ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ልጁ ይጽፋል፣ ግን የሚወጣው የግዕዝ ፊደል ወይም ባዶ ሳጥን ነው። ለምን? የአክስቲቱ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ነበር። የዊንዶውሱን ቁልፍ ይዛ ስፔስ ስትጫን ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል፤ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቋንቋ ምልክት አይታ ታረጋግጥ። በሌሎች መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በዙም ወይም በቲምስ ጥሪ ውስጥ በሚሰጥ ቁጥጥር፣ በአስተዳዳሪነት የተከፈተው መስኮት ለረዳቱ ማውስ ጨርሶ ላይታዘዝ ይችላል። ዊንዶውስ ዝቅተኛ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ከፍተኛ ፈቃድ ላለው ፕሮግራም ቁልፍ እንዲጫንለት አይፈቅድም። ያን ጊዜ እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ትእዛዞቹ ሦስት ናቸው፦

```
net stop spooler
del /Q /F "%systemroot%\System32\spool\PRINTERS\*.*"
net start spooler
```

ሁለተኛው መስመር ይሰርዛል፤ ስለዚህ ኢንተር ከመጫኑ በፊት ልጁ ያንብብላት። የሚሰረዘው `PRINTERS` የተባለው ፎልደር ውስጥ ያለ የኅትመት ተራ ፋይል ብቻ ነው፤ የደንበኞቹ ሰነድ የተቀመጠበት ቦታ አይነካም። ተራ ላይ የነበረው ግን ሁሉ ይጠፋል፣ እንደገና መታዘዝ አለበት። የመጀመሪያው መስመር «አክሰስ ተከልክሏል» የሚል መልስ ከሰጠ መስኮቱ በአስተዳዳሪነት አልተከፈተም ማለት ነው፤ ዘግቶ ከመጀመሪያው። ሦስተኛውን ረስቶ መዝጋትም ያጋጥማል፤ ያኔ ፕሪንተሩ ከጭራሹ የጠፋ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ። አንድ ወረቀት ታትሞ ካዩ በኋላ `Leave`።

ኩዊክ አሲስት ሲዘጋ ይዘጋል። ኮምፒውተሩ አጥፍቶ ቢያበራ እንኳ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ነገ ለመግባት ሌላ ኮድና ሌላ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል። ኤኒዴስክና ቲምቪወር ግን ሁለት ዓይነት ሕይወት አላቸው። ሳይጫኑ ለአንድ ጊዜ ብቻ መሮጥ ይችላሉ። ከተጫኑ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ከኋላ አብረው ይነሳሉ፤ `Unattended Access` በሚባለው ቦታ ላይ ፓስወርድ ከተቀመጠ ረዳቱ ማንንም ሳይጠይቅ ሌሊትም መግባት ይችላል። መስኮቱን መዝጋት ይህን አያስቀረውም። ልጁ «በየጊዜው እንዳላስቸግርሽ» ብሎ ቢያደርገው በቅን ልቦና ነው፤ ግን የእሱ ፓስወርድ የተሰረቀ ቀን የኅትመት ቤቱም አብሮ ይከፈታል። እርዳታው ካለቀ ማራገፍ ይሻላል። ማክ ላይ ደግሞ እነዚህ ፕሮግራሞች `Privacy & Security` ውስጥ ስክሪን የማየትና `Accessibility` የሚባለውን የመቆጣጠር ፈቃድ ይወስዳሉ፤ ፈቃዱ እስኪጠፋ ድረስ ስለሚቆይ ሥራው ሲያልቅ ማብሪያዎቹን መመለስ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የቀረው ክፉው ጥሪ ነው፦ ያላወቃችሁትን ሰው አስገብታችሁ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነቃችሁ እንበል። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ጊዜ ለእሱ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለዩት። ቀጥሎ በሌላ መሣሪያ፣ በስልካችሁ ቢሆን ይበቃል፣ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ። ከባንኩ በፊት ኢሜይል የምለው፣ የሌላው አገልግሎት ሁሉ የፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ እዚያ ስለሚመጣ ነው። በሰዓቱ የባንክ ገጽ ተከፍቶ ከነበረ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ባንኩን ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ። «በስህተት ብዙ ብር ገብቶልሃል፣ መልስልኝ» የሚሉት ደግሞ ገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥር በብራውዘሩ መሣሪያ ቀይረውት ነው። ገጹን ከስልካችሁ ክፈቱት፣ እውነተኛው ቁጥር እዚያ አለ።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ። ሴቲንግ ውስጥ የተጫኑ ፕሮግራሞችን በተጫኑበት ቀን አሰልፉና የዛሬውን እዩ። `Ctrl`፣ `Shift` እና `Esc` ተጭናችሁ በሚመጣው መስኮት `Startup apps` ውስጥ የማታውቁትን ፈልጉ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ደግሞ ይህን ጻፉ፦

```
net localgroup administrators
```

አስተዳዳሪ የሆኑት ሁሉ ይዘረዘራሉ። ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ ስምና `Administrator` የሚለው ቢኖሩ ደህና ነው። የማታውቁት ሦስተኛ ስም ካለ አጭበርባሪው ለራሱ ቁልፍ አስቀርጿል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መነካካቱን ትታችሁ ፋይላችሁን በውጭ ዲስክ አውጡና ዊንዶውሱን ከአዲስ አስጭኑት። ስሙ ባይኖርም ሰውየው ብቻውን ረጅም ጊዜ ቆይቶ ከነበረ እኔ ያንኑ ነው የምመክረው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ `Devices` ገብታችሁ `Terminate all other sessions` የሚለውን ተጫኑ፤ ይህን የምታደርጉት ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከስልካችሁ ነው፣ ያለበለዚያ የምታስወጡት ራሳችሁን ይሆናል።